ይህን ፖስት እንዴት ላሳጥረው?

ሰላም ጓዶች፣ እባካችሁ ተባበሩኝ። የሰፈራችን ልጅ በሳምንት 3 ቀን የኩላሊት እጥበት ያደርጋል፣ እኛም ለሱ ማሳከሚያ የኳስ ውድድር አዘጋጅተን ትናንት ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት፣ ግን ስለ ህመሙ በረጅሙ ጽፌ ቀኑንና ሜዳውን መጨረሻ ላይ ስላደረኩት «ተጨማሪ» የሚለውን ሳይነኩ አይታይም። ኮመንቱ በሙሉ «መቼ ነው? የት ነው?» ሆነ፣ ከ8 ቡድን የተመዘገበው 2 ብቻ። «2:00» ብዬ ስለጻፍኩም አንዱ አምበል በፈረንጅ ሰዓት አንብቦት ከምሳ በኋላ መስሎታል።

አሁን እንዲህ አሳጠርኩት፦

«እሁድ ጥር 24፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው ሜዳ! በቡድን 7 ተጫዋች፣ መመዝገቢያ 1,500 ብር፣ ሙሉው ለወንድማችን ህክምና። የቡድኑን ስምና የአምበሉን ስልክ እስከ ሐሙስ ማታ በኢንቦክስ ላኩልን።»

የልጁን ነገር በአንድ መስመር ማለፌ ከብዶኛል፣ ቤተሰቡ ደግሞ ፎቶው እንዳይወጣ ብለዋል፣ ምን ብዬ ብጨምር ይሻላል? ደሞ የድሮውን ብዙ ሰው ሼር ስላደረገው እሱኑ ኤዲት ላድርገው ወይስ አዲስ ልለጥፍ? ሐሙስ ሳይደርስ መልሱልኝ በናታችሁ።