ጥቆማ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ጥሩ ራውተር የት ይገኛል? ወይስ ፓኬጁን ላሳድግ?

ኮፒ ቤት ፔዳ
ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ፔዳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ኢንተርኔቴ በመደበኛ ስልክ መስመር የሚመጣው ነው። ለ4 ሜጋ እየከፈልኩ ሲለካ ከ1 ሜጋ ተኩል አያልፍም፤ ዝናብ ሲይዝ ጭራሽ ይቆረጣል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም የመጣ ተማሪ ፋይሉ ከኢሜይሉ እስኪወርድ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ አንዳንዱም ጥሎኝ ይሄዳል። ወይ ጠንካራ ራውተር ልግዛ ወይ ወደ 8 ሜጋ ልደግ። የሞከራችሁትን ንገሩኝ፤ የሱቅ ጥቆማም እፈልጋለሁ።

ሽምብጥ
ጊዮርጊስ ጋ ወደ ሐይቁ ስትወርጂ በቀኝ በኩል ያለው ኤሌክትሮኒክስ ቤት ሂጂ እህቴ። ባለቤቱ የታወቀ ሰው ነው፤ ካልሠራ ይቀይርልሻል። እኔ ስድስት ዓመት ከዚያ ሌላ ቦታ ገዝቼ አላውቅም። አንቴናው አራት የሆነውን ውሰጂ።

ዓባይ ማዶ 17
ፓኬጅ እንዳታሳድጊ! እኔ ከ2 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 6 አደግኩ፤ በእያንዳንዱ ብር ጨመርኩ፣ ፍጥነቱ ግን ያው። ቴክኒሻን ላኩልኝ ብዬ አምስት ሳምንት ጠበቅኩ፤ መጥቶ የሞደሙን መብራት አየና «አረንጓዴ ነው፣ ይሠራል» ብሎኝ ሄደ። ብሬን የሚመልስልኝ አጣሁ። ይህንን ሳስታውስ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ግሽ ዓባይ
@ዓባይ ማዶ 17 እኔንም እንዲሁ ነው ያደረጉኝ፤ ደረሰኙን ይዤ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በጽሑፍ አቤቱታ ብናስገባስ?

ዓባይ ማዶ 17
አስገብቼ ነበር። ቁጥር ሰጡኝ፤ መልስ ግን የለም።

ፖሊ አራተኛ ዓመት
እኔ የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ። ስሜቱን ተዉትና እናስላው። በሞደሙ ገጽ ላይ `SNR Margin` የሚለውን ንገሪን። ክሎድ ሻነን በ1948 ያወጣው ቀመር መስመሩ ምን ያህል እንደሚችል በግልጽ ያሳያል፤

```
C = B × log2(1 + S/N)
```

C በሰከንድ የሚያልፈው ቢት ነው፣ B የድግግሞሹ ስፋት፣ S/N ደግሞ ሲግናሉ ከጫጫታው ስንት እጥፍ እንደሆነ።

ኮፒ ቤት ፔዳ
ገብቼ አየሁት። `SNR Margin 6.1 dB`፣ `Attenuation 48 dB`፣ `Rate 1432 Kbps` ይላል። `CRC` የሚለው ቁጥር ደግሞ እያየሁት ይጨምራል።

ፖሊ አራተኛ ዓመት
በጣም ጥሩ። 6 ዲሲቤል ማለት 4 እጥፍ ነው። የዚህ ዓይነት መስመር ስፋት 2.2 ሜጋኸርዝ። log2(5) ደግሞ 2.32። ሲባዛ 5.1 ሜጋ። ስለዚህ መስመርሽ 4 ሜጋ በደንብ ይችላል፤ የሚያንቀው ራውተሩ ነው። የሽምብጥን ምክር ተቀበዪ።

ሽምብጥ
ይኸው! ሳይንሱም መሰከረ።

የድሮ ኬብል ሠራተኛ
ልጄ፣ ቀመሩን ትክክል ጽፈኸዋል፤ ያስገባህበት ቁጥር ግን ሁለቱም ልክ አይደለም። ማርጅን ማለት ሲግናሉ ከጫጫታው የሚበልጥበት መጠን አይደለም። ሞደሙ አሁን ለሚሮጥበት ፍጥነት የሚበቃውን ከወሰደ በኋላ «ድንገት ጫጫታ ቢጨምር» ብሎ ያስቀመጠው ትርፍ ነው። ሞደሞች ብዙውን ጊዜ 6 ዲሲቤል አካባቢ እስኪቀራቸው ፍጥነታቸውን ይጨምሩና እዚያ ይቆማሉ። ስለዚህ 6 ስታይ መስመሩ ጤነኛ ነው ማለት አትችልም፤ ጤነኛውም የታመመውም መስመር ያንኑ 6 ሊያሳይህ ይችላል።

ሁለተኛ፣ 2.2 ሜጋኸርዙ ሁሉ የእሷ አይደለም። ላይኛው ድግግሞሽ በመዳብ ሽቦ ላይ ርቀት ሲበዛበት ቶሎ ይደክማል። 48 ዲሲቤል ማለት ሽቦው ረጅም ነው ማለት ነው፤ ግማሽ ሜጋኸርዝ ያህል ነው የሚተርፋት ብዬ ልነሣ።

አሁን እንደገና እናስላው። በዚያ ግማሽ ሜጋኸርዝ ላይ ሲግናሉ ከጫጫታው 100 እጥፍ ነው እንበል፣ ማለትም 20 ዲሲቤል። log2(101) 6.66 ነው፤ በ500,000 ሲባዛ 3.3 ሜጋ ይሆናል። ይህ የሻነን ጣሪያ ነው። የትኛውም ሞደም፣ አንቴናው አራት ይሁን አሥር፣ በዚያ ሽቦ ላይ ከዚህ በላይ ሳይሳሳት ሊያሳልፍ አይችልም። 4 ሜጋ የምትከፍለው እንግዲህ ሽቦው ለማይሸከመው ነው፤ 8 ብታደርገው የሚለወጠው ደረሰኙ ብቻ ነው።

ኮፒ ቤት ፔዳ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን 3.3 እንኳ ቢሆን በወደድኩ፤ የማገኘው 1.4 ነው። ሌላው የት ገባ?

የድሮ ኬብል ሠራተኛ
ጥሩ ጠየቅሽ የኔ ልጅ። ጣሪያውን የሚነካ ሞደም የለም። ከ20ው ዲሲቤል ላይ ያ 6 ዲሲቤል መጠባበቂያ ይቀነሳል። ሞደሙ ቢቶቹን የሚያሽግበት ዘዴም ከሻነን ጣሪያ በሌላ 6 ያህል ዝቅ ይላል። 8 ዲሲቤል ቀረ፤ ይህ 6.3 እጥፍ ነው። log2(7.3) 2.87፣ በ500,000 ሲባዛ 1.43 ሜጋ። በገጽሽ ላይ ያለው ቁጥር ማለት ነው። እኔ 20ን ከሰማይ አላመጣሁትም፤ ከ1432 ተነሥቼ ወደ ኋላ ቆጥሬ ነው።

አሁን ጫጫታው በአሥር እጥፍ ቢቀንስልሽስ? 30 ዲሲቤል ይሆናል፤ ከዚያ ላይ 12ቱ ሲነሳ 18፣ ማለትም 63 እጥፍ። log2(64) 6 ነው፤ 3 ሜጋ ታገኛለሽ። ያለ አዲስ ራውተር፣ ያለ አዲስ ፓኬጅ ከእጥፍ በላይ። ብርሽንና ጉልበትሽን ጫጫታው ላይ አውዪው።

እንዲህ ፈትሺው፤ የስልኩን እጀታ አንሥተሽ አንድ ቁጥር ብቻ ተጫኚና አዳምጪ። ጸጥ ማለት አለበት። የሚጠበስ ነገር ድምፅ ከሰማሽ መጋጠሚያ ላይ ችግር አለ። በዝናብ የሚብስ ከሆነ ነገሩ የበለጠ ያስጠረጥራል። አንድ ክረምት ሽምብጥ ውስጥ የአንድ ቤት መስመር እያስቸገረኝ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በመጨረሻ ጣሪያው ክፈፍ ሥር በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ አገኘሁ። ፕላስተሩን ስልጠው ውሃ ወረደልኝ፤ መዳቡ እንደ ሻገተ እንጀራ አረንጓዴ ለብሶ ነበር። ቆርጬ በአዲስ መጋጠሚያ አሰርኩትና መስመሩ ጸጥ አለ።

ፖሊ አራተኛ ዓመት
ጋሼ፣ ማርጅኑን በተመለከተ ተምሬበታለሁ፣ አመሰግናለሁ። ግን ጫጫታውን ከመቀነስ ስፋቱን መጨመር አይሻልም? B ከሎጋሪዝሙ ውጭ ነው፤ B እጥፍ ሲሆን C እጥፍ ይሆናል።

የዘጌ ቡና
ይቅርታ፣ እኔም ጥያቄ አለኝ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በውሃው ላይ በዋይፋይ አንቴና መስመር ዘርግተናል። ቴክኒሻኑ ከ20 ወደ 40 ሜጋኸርዝ አሳደገው፤ እጥፍ ይሆናል ብሎን ነበር። ጨመረ፣ እጥፍ ግን አልሆነም። ማዕበል ሲኖር ደግሞ ይዋዥቃል። የትኛው አንቴና ይሻላል?

የድሮ ኬብል ሠራተኛ
@ፖሊ መልሱ ዘጌ ላይ አለልህ። በሩን በእጥፍ ስትከፍተው የሚገባው ጫጫታም እጥፍ ይሆናል፤ የአስተላላፊው ኃይል ግን ያው ነው። በ20 ሜጋኸርዝ ሲግናሉ 10 እጥፍ ከነበረ ጣሪያው 69 ሜጋ ነው። በ40 ስታደርገው ሲግናሉ 5 እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ጣሪያው 103። አንድ ተኩል እጥፍ እንጂ ሁለት አይደለም፤ ሲግናሉ ደካማ በሆነ ቁጥርም ጭማሪው ያንሳል። በእኅታችን መስመር ላይ ደግሞ የሚጨመረው ስፋት ሽቦው የገደለው ስፋት ነው።

የውሃውን ነገር ግን ገመድ ሠራተኛ ስለሆንኩ ለሚያውቅ እተዋለሁ።

ጣና ዳር
@የዘጌ ቡና ሐይቁ ላይ የሚነጥረው ሞገድ በቀጥታ ከሚመጣው ጋር እየተጋጨ ነው። አንቴናውን ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ በተለያየ ሰዓት ለኩት። እኛ በአንድ ሜትር ዝቅ ስናደርገው ተሻለን፤ የናንተው ሊለይ ይችላል።

ግሽ ዓባይ
ለምንድን ነው ሲም ካርድ የሚገባ ራውተር የማትገዢው? እኔ በሞባይል ዳታ ነው የምሠራው፣ ስለ ሽቦ አስቤ አላውቅም።

ሽምብጥ
እሱም እዚያው ሱቅ አለ።

ቀበሌ 14
@ሽምብጥ ወንድሜ፣ ሰውየው ቁጥር በቁጥር ሲያሳይ ስንት ሰዓት ዋለ፣ አንተ አሁንም ሱቁ ላይ ነህ። ለታመመ ሽቦ ራውተር መቀየር ጉንፋን ለያዘው ሰው ሸሚዝ መቀየር ነው።

ሽምብጥ
እኔ ስለ ሰውየው ሐቀኝነት ነው የመሰከርኩት። ስለ ሽቦ አላወራሁም።

ዓባይ ማዶ 17
እኔ ግን አንድ ነገር ይግባኝ። ሽቦው እንደማይችል ከለኩ ለምን 6 ሜጋ ሸጡልኝ? ሞደሜ አሁንም `Rate 1870` ይላል።

የድሮ ኬብል ሠራተኛ
እውነትህን ነው። ከመሸጡ በፊት መስመሩ መለካት ነበረበት። ያንን ገጽ ፎቶ አንሥተህ ከአቤቱታህ ጋር አያይዘው፤ 6 ከፍለህ መስመሩ በ1.87 እንደተገናኘ በራሱ ይናገራል። በዋይፋይ የተለካ ፍጥነት ብታሳያቸው «ዋይፋይህ ነው» ሊሉህ ይችላሉ፤ ይህን ግን አይሉህም።

ኮፒ ቤት ፔዳ
ጋሼ፣ ስልኩን አዳመጥኩት፤ እንዳሉት ዘይት ላይ ሽንኩርት የተጣለ ነው የሚመስለው! ከኋላ ወንድሜ ክፍል ድረስ ያስቀጠልነው የድሮ ሽቦ አለ፤ ስልኩ ከተነሣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ ሽቦው ግን ግድግዳው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

የድሮ ኬብል ሠራተኛ
ከመግቢያው ሣጥን ላይ ንቀዪው። ጫፉ ክፍት የሆነ ሽቦ ሲግናሉን ይመልሳል፣ የሬዲዮና የቻርጀር ጫጫታም እንደ አንቴና ይሰበስባል። ከነቀልሽ በኋላ ሞደሙን አጥፍተሽ አብሪው፤ እንደገና ካልተገናኘ አዲሱን ፍጥነት አይወስድም።

ኮፒ ቤት ፔዳ
ነቀልኩት! ማርጅኑ መጀመሪያ ወደ 11 ወጣ፤ አጥፍቼ ሳበራው ተመልሶ 6 ሆነ፣ `Rate` ግን 2190 ይላል። የስልኩ መጠበስም ቀንሷል፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

የድሮ ኬብል ሠራተኛ
5 ዲሲቤል አተረፍሽ። 25፣ ከዚያ 12 ሲነሳ 13፤ ስሌቱም 2.2 ሜጋ ነው የሚለው። የቀረው ድምፅ ከቤትሽ ውጭ ያለ መጋጠሚያ ይመስለኛል። እሱን ራስሽ አትንኪው፤ ለአገልግሎቱ ክፍል «በስልኩ ላይ ጩኸት አለ» ብለሽ አስመዝግቢ። «ኢንተርኔት ቀርፋፋ ነው» ካልሽ ሞደምሽን አይተው ይሄዳሉ።

ፖሊ አራተኛ ዓመት
እኔ ቅዳሜ ፔዳ እመጣለሁ፤ ከፈቀድሽ የየድግግሞሹን ሲግናል ከሞደሙ ላይ አውጥቼ ልየው። የጋሼ ግማሽ ሜጋኸርዝ ግምት ልክ ይሁን አይሁን ማረጋገጥ እፈልጋለሁ።

ቀበሌ 14
@ኮፒ ቤት ፔዳ እና 8 ሜጋውን ተውሽው? ራውተሩንስ?

ዓባይ ማዶ 17
ፎቶውን አያይዤ ዛሬ አስገባሁ። ሌላ ቁጥር ሰጡኝ።

የዘጌ ቡና
@ጣና ዳር አንቴናውን ስታወርዱት ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት የለካችሁት? እኛ ጋ ነፋሱ ከሰዓት ነው የሚነሣው።