የአንድ ሰሌን ስፋት፦ የቤት ስፖርት ወረቀት ረቂቅ

የደብረ ብርሃኑ መምህር፦
ሰላም ጓዶች። ባለፈው «ግቢያችሁን አስር ዙር ሩጡ» የሚል ወረቀት በትኜ ነበር። ብዙዎቹ ልጆች ግን ከነቤተሰባቸው አንድ ክፍል ተከራይተው ነው ያሉት፣ ግቢውም የአከራይ ነው። ስለዚህ መለኪያችን አንድ ሰሌን ይሁን እላለሁ። ልጁ መሀሉ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ሲዞር ምንም ካልነካ በቂ ነው። በግድግዳ መግፋት እንጀምር። አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይቆማል፣ መዳፉን በደረቱ ልክ ያስደግፋል፣ ክርኑን አጥፎ ይጠጋና ገፍቶ ይመለሳል። 8 ጊዜ፣ ትንሽ እረፍት፣ እንዲህ 3 ዙር።

የሸዋሮቢቱ፦
ገመድ ዝላይ አይሻልም? ልብን የሚያሠራው እሱ ነው።

የደብረ ብርሃኑ፦
ስለ ልቡ ልክ ነህ። ግን ገመዱ ጣሪያና አምፖል ይመታል፣ ጎረቤትም ይማረራል። ጉልበትን እስከ ወገብ እያነሱ በቦታ መርገጥ ይተካዋል።

የመሐል ሜዳዋ፦
የኔዎቹ ቤታቸው በጭቃ የተመረገ ነው። ሲገፉት ምርጊቱ ይረግፋል፣ እናት ትቆጣለች። በመደብ ብናደርገውስ?

የደብረ ብርሃኑ፦
እሱማ በጣም ጥሩ ነው እህቴ! ግን መደብ ዝቅ ስለሚል ክብደቱ ወደ እጅ ይበዛል፣ በ5 ይጀምሩ። ወገቡ ወደ መሬት ከሰመጠ ደክሟል፣ ያቁም። ይህን ወረቀቱ ላይ በሁለት ሥዕል እናሳይ፣ ትክክሉንና የሰመጠውን። በወፍራም መስመር ብቻ ይሳል፣ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ጠቁሮ የማይለይ ሥዕል ከሌለ አይሻልም።

የደብረ ሲናዋ፦
ለስፖርቱ ኳስ ካስፈለገ ማን ነው የሚገዛው? ደግሞ የኔ ልጅ ሲሠራ ትንፋሹን ይይዛል፣ ፊቱ ይቀላል።

የደብረ ብርሃኑ፦
እትዬ፣ ምንም አንገዛም። ለልጅሽ መፍትሔው ጮክ ብሎ መቁጠር ነው፣ እየቆጠረ ትንፋሹን መያዝ አይችልም። መቁጠር ካቃተው ደግሞ በዝቶበታል፣ ያርፍ።

የመሐል ሜዳዋ፦
አንድ ነገር እንዳንረሳ። በኛ ብርድ ቤቱ ተዘግቶ ከሰል ይነዳል። እዚያ ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ልጅ ጭሱ ባይታይም መርዙን አብዝቶ ይስባል። ከሰሉ ወጥቶ፣ በሩ ተከፍቶ ይሁን። ይህ ከሥዕሉ በላይ ይጻፍ።

የሸዋሮቢቱ፦
እኛጋ ችግሩ ሙቀት ነው፣ ከቆርቆሮ ሥር ቀትር ላይ አይሞከርም። ጠዋት ይባል። በስልክ ለወላጅ የምንልከውንስ እንዴት እናድርገው? አንድ የአማርኛ ኤስኤምኤስ 70 ፊደል ነው የሚይዘው፣ ካለፈ ተከፋፍሎ እንደ ሁለት ይቆጠራል።

የደብረ ብርሃኑ፦
እንዲህ ብንልክስ፦ «ግድግዳ መግፋት፦ 8 ጊዜ፣ 3 ዙር። ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። ከሰል ካለ አትሥሩ።» ክፍተቱ ተቆጥሮ ከ50 በታች ነው። በአንድ መልእክት አንድ ሥራ ብቻ።

የደብረ ሲናዋ፦
ማርክስ በምን እንስጥ? መሥራቱን ወላጅ ይፈርም?

የመሐል ሜዳዋ፦
ፊርማ እኔ አልስማማም። ማንበብ የማይችል ወላጅ አለ። ልጁ የሠራበትን ቀን ራሱ በጭረት ያመልክት።

የሸዋሮቢቱ፦
ጭረቱንማ ሳይሠራም ይሞላዋል። ቅዳሜ እንነጋገርበት፣ ሥዕሉን እኔ ይዤ እመጣለሁ።