ቀኑ የቀረበ አምሎዲፒን ተከማችቶብኛል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም። ትንሽ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ሁልጊዜ የቆየውን ከፊት፣ አዲስ የገባውን ከኋላ እደረድራለሁ። በቅርቡ የገባው አምሎዲፒን ግን ከነባሩ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፍ ነበር። የማብቂያ ቀኑን ሳላይ ከኋላ አስቀመጥኩት።

አሁን 40 ፓኬት አለ፤ 2 ወር ቀርቶታል። በወር 12 ይሸጣል። አንዱ ፓኬት የ30 ቀን ስለሆነ በመጨረሻው ወር መስጠት አልችልም፤ ታካሚው ሳይጨርሰው ያልፍበታል። ስለዚህ 28 ይተርፋል። አከፋፋዩ አልመልስም ብሏል። ለሌላ ፋርማሲ ያዛወራችሁ፣ በምን ሰነድ ነው?

ከእንግዲህ 12 ሲቀር ላዝዝ አስቤያለሁ፤ 6 ለ2 ሳምንት መጠበቂያ፣ 6 ለመጠባበቂያ። አንዳንዴ ግን ዕቃው ወር ሙሉ ይዘገያል፤ ያኔ 12ቱም ያልቃሉ። እናንተ ስንት ትጨምራላችሁ? እባካችሁ፣ የደም ግፊት ታካሚ ባዶ እጁን እንዲመለስ አልፈልግም።