የውኃ ቦርዱን የበጀት ጉድለት ሒሳብ ለማያውቁ አባላት እንዴት ላስረዳ?

ጥያቄ፣ ከምሥራቅ ጎጃም

ጤና ይስጥልኝ። በአንዲት ትንሽ ከተማ የመጠጥ ውኃ አገልግሎት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሐምሌ 1 ጀምሮ በሚሠራበት በጀት ገቢያችን 540,000 ብር፣ ወጪያችን 720,000 ብር ስለሆነ 180,000 ብር ይጎድለናል። በቦርዱ ውስጥ ሽማግሌዎች፣ አንድ ቄስ፣ አንድ ነጋዴና የሴቶች ተወካይ አሉ። ሰንጠረዡን ሳቀርብላቸው «ገንዘቡን ማን በላው?» የሚል ጥያቄ ተነሣና ስብሰባው ሳይቋጭ ተበተነ።

በዓመት 40,000 ሜትር ኩብ ውኃ እናመርታለን፤ ክፍያ የምንሰበስበው ግን ከ28,000ው ላይ ብቻ ነው። ዋጋው 18 ብር ሲሆን፣ ከቆጣሪ ኪራይና ከአዲስ ቅጥያ ደግሞ 36,000 ብር እናገኛለን። ከወጪው ለመብራትና ለናፍጣ 330,000፣ ለደመወዝ 240,000፣ ለጥገና 90,000፣ ለልዩ ልዩ 60,000 ብር ይሄዳል። የመንግሥት ተቋማት 95,000 ብር ውዝፍ አለባቸው። እንዴት ላስረዳቸው? ምን አማራጭስ ላቅርብ?

መልስ፣ ከቡሬ

ነገሩ ብዙ የሚያደክም አይመስለኝም። 180,000ን ለ28,000 ሲያካፍሉት 6 ብር ከ43 ሳንቲም ይመጣል። ዋጋውን 24 ብር ከ43 ሳንቲም ካደረጋችሁት ጉድለቱ ይዘጋል። እኔ በንግድ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ የገዛሁበት ዋጋ ከጨመረ የምሸጥበትም ይጨምራል፣ ደንበኞቼም ይህን ይረዱልኛል። ቦርዱም በዚሁ መንገድ ቢነገረው የሚቀበለው ይመስለኛል።

መልስ፣ ከሞጣ

እኔ በትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ገንዘብ ያዥ ነኝ። የእኛም ሒሳብ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ጉድለት ያሳያል። ሣሩና ባሕር ዛፉ ተሽጦ፣ ገበሬውም እህሉን ሰብስቦ መዋጮውን ሲከፍል ግን ጥር ላይ ይስተካከላል። ስለዚህ አባላቱን ከማስደንገጥ ይልቅ ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ ከአንድ ማኅበር ብድር ብትጠይቁ ይሻላል።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም (በውኃ አገልግሎት ፋይናንስ የሠራሁ)

እህቴ፣ የሞጣው ወንድማችን የገለጸው ገንዘብ ዘግይቶ ሲገባ የሚፈጠረውን ክፍተት ነው። ያንቺ የሚለየው ሰኔ 30 ላይም የማይሞላ በመሆኑ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ጉድለት ከተበደራችሁ በሚቀጥለው ዓመት ጉድለቱም ዕዳውም አብረው ይጠብቋችኋል።

ለቦርዱ ሰንጠረዡን አታስቀድሚ። ያንቺ ቁጥሮች ለማስረዳት ምቹ ናቸው፤ ገቢያችሁ የወጪያችሁ ልክ ሦስት አራተኛ ነው። አራት የአንድ ብር ሳንቲሞችን ጠረጴዛው ላይ ደርድሪና «አገልግሎቱ ከሚያወጣው ከእያንዳንዱ 4 ብር ሦስቱን ደንበኛው ይከፍላል፤ አራተኛውን የሚከፍል የለም» በያቸው፤ ከዚያም አራተኛውን አንሺው። «ማን በላው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ጉድለት ሲባል ከካዝና የጠፋ ገንዘብ ስለሚመስላቸው ነው። ይህ ግን ገና ያልወጣና ወደፊትም ከየት እንደሚመጣ ያልታወቀ ገንዘብ መሆኑን በግልጽ ንገሪያቸው። ያለፈው ዓመት ደረሰኝና የባንክ መግለጫም እጅሽ ላይ ይኑር፤ የሚጠይቅ ካለ ያንኑ ሰዓት ይይ።

የቡሬው ወንድማችን ስሌት ልክ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ ጨምሮም ሰው እንደ በፊቱ ይጠቀማል ብሎ ይነሣል። ከፊሉ ወደ ምንጭና ወደ ጓሮ ጉድጓድ ቢመለስና ሽያጩ ወደ 26,000 ቢወርድ፣ በአዲሱም ዋጋ ወደ 49,000 ብር ገደማ ይጎድላችኋል፤ ደመወዙም ሆነ ጥገናው ውኃ ስላልተሸጠ አይቀንስም።

አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው ሳይከፈልበት የሚቀረው 12,000 ሜትር ኩብ ነው። መንገድ ላይ የሚፈስሰውንና ቤት ደርሶ ቆጣሪ ያላነበበውን ለይታችሁ ታውቃላችሁ? ቆጣሪ ካላነበበው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ 18 ብር ይቀርባችኋል። ከቧንቧ የሚፈስሰውን ብትጠግኑ ግን በቀጥታ የምታተርፉት የማምረቻውን መብራትና ናፍጣ፣ ማለትም 8 ብር ከ25 ሳንቲም ያህል ነው፤ ውኃው በፈረቃ የሚዳረስ ከሆነና የዳነው ለሌላ ደንበኛ ከተሸጠ ብቻ ወደ 18 ብር ይጠጋል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የንባብ መዝገቡን ገልጬ አየሁት። በአንዱ ደንበኛ መስመር ላይ 0412 የሚለው ንባብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሳይለወጥ ተጽፏል፤ እንዲህ ያሉ 60 ቆጣሪዎች አገኘሁ። ቤቶቹ ሰው የሚኖርባቸው ናቸው። ቆጣሪያቸው የሚሠራላቸው ደንበኞች በአማካይ በዓመት 50 ሜትር ኩብ ይጠቀማሉ።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም

እንግዲያውስ 60ው በ50 ሲባዛ 3,000 ሜትር ኩብ ነው፤ በ18 ብር 54,000 ብር ይሆናል። አዲስ ቆጣሪ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የቆሙትን አስፈትሻችሁ ወንፊታቸውን አስጠርጉ፤ ከቧንቧ ጥገና በኋላ አሸዋ ገብቶ የሚያቆመው ቆጣሪ ጥቂት አይደለም።

ከተቋማቱ የሚሰበሰበውን 95,000 ብር ለደመወዝ አታውሉት። አንድ ጊዜ የሚገባ ገንዘብ ስለሆነ፣ እንደ ቆጣሪ ለውጥ አንድ ጊዜ በሚወጣ ወጪ ላይ ይዋል። ለደመወዝ ከዋለ በሚቀጥለው ሐምሌ ያው ጉድለት ተመልሶ ይመጣል፤ ለቦርዱ አባላት ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ልዩነት ቢገባቸው እመርጣለሁ።

ቆጣሪዎቹ ሲሠሩ ጉድለቱ 126,000 ብር ይሆናል። ዋጋውን ወደ 22 ብር ብታሳድጉት፣ በ31,000 ሜትር ኩብ ላይ 124,000 ብር ይገኛል፤ ይህም ፍጆታ ካልቀነሰ ነው። ሽያጩ ወደ 29,000 ቢወርድ 46,000 ብር ስለሚጎድል፣ ከልዩ ልዩ ወጪው የትኛው እንደሚዘገይ ቦርዱ ከወዲሁ ይወስን። ዋጋ መለወጥ የቦርዱ ብቻ ሥልጣን መሆን አለመሆኑንም ከማቋቋሚያ ደንባችሁ አረጋግጪ።

መልስ፣ ከደጀን

በቀበሌያችን የውኃ ኮሚቴ ውስጥ የሴቶች ተወካይ ነበርኩ። «ሜትር ኩብ» ሲባል ብዙዎቻችን ዝም እንላለን፤ በጀሪካን ይንገሯቸው። አንድ ሜትር ኩብ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስለሆነ የ4 ብሩ ጭማሪ በጀሪካን 8 ሳንቲም ነው። በቀን አምስት ጀሪካን የሚጠቀም ቤት በወር 12 ብር ይጨምራል ማለት ነው። ይህን የሰማች እናት ትችል እንደሆነና እንዳልሆነ ራሷ ትናገራለች። ቦኖ ላይ ግን ሳንቲም መልስ ስለማይገኝ፣ የ8 ሳንቲሙ ጭማሪ ከቦኖ ጠባቂው እጅ ሲደርስ ወደ ሙሉ ብር ሊጠጋጋ ይችላል። የቦኖውን ዋጋ ባትነኩት እመክራለሁ።

መልስ፣ ከቡሬ

የፍጆታውን መቀነስ አላሰብኩበትም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፤ በወጪው ውስጥ ለፓምፕ መተኪያ የተያዘ ገንዘብ አላየሁም። እውነተኛው ጉድለት ከ180,000 ይበልጣልና ይህም ይነገራቸው።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም

መያዝ እንደሚገባው እስማማለሁ፤ በዚህ ስብሰባ ላይ ጉድለቱን ማሳደግ ግን አሁንም የተጠራጠረውን ቦርድ ይበልጥ ያስበረግጋል ብዬ እሰጋለሁ። እኔ ብሆን 22 ብሩን አስጸድቄ፣ የፓምፑን ጉዳይ በታኅሣሥ የግማሽ ዓመት ሪፖርት ላይ አነሣዋለሁ።

ጠያቂዋ

በዚህ ነጥብ ወደ ቡሬው ወንድሜ አደላለሁ፤ ነጋዴው የቦርድ አባል ፓምፑ ሲቃጠል ምን እንደምናደርግ ባለፈው ጠይቆኝ ነበር። ቁጥሩን ከጉድለቱ ጋር ሳልደምር፣ ለብቻው በአንድ መስመር ጽፌ አቀርበዋለሁ። ለ60ዎቹ ደንበኞች ያለፉትን ወራት በአማካይ ፍጆታ እናስከፍላቸው ወይስ ከአሁን ወዲህ ብቻ የሚለውን ግን አልወሰንኩም፤ ይህ የገጠማችሁ ካላችሁ ብትጽፉልኝ።