ኢንስታንት ወይስ ቦይለር? ለስድስት ሰው፣ ለሁለት መታጠቢያ ቤት (አስቸኳይ!)

የማርቆሷ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ዛሬ ጠዋት ልጄ እየታጠበች፣ እኔም እንጀራ እየጋገርኩ ሳለ ብሬከሩ ወረደ። ስናነሳው የሻወሩ ሽቦ ሸተተ። አማቴ ነገ ይመጣሉ። ስድስት ነን፣ መታጠቢያ ቤቱ ሁለት ነው። ባለሱቁ እየፈሰሰ የሚያሞቀውን ኢንስታንት ሻወር ሁለት ውሰጂ ብሎኛል። ስንት ኪሎ ዋት ልግዛ?

ባሕር ዳሬ፦ እኔ ቤት 3.5 ነው፣ አራት ዓመት ሠርቷል። ቦይለር ብር መጨረስ ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የሸተተውን አትንኩት፣ ብሬከሩ እንደወረደ ይቆይ። ዋናው ብሬከር ስንት ይላል? የሻወሩ ሽቦስ?

የማርቆሷ፦ ዋናው 32 ነው። ሽቦው ባለ 2.5፣ ሻወሩ 5.5 ኪሎ ዋት።

የቡሬ ልጅ፦ ብሬከሩን 40 አድርጊው፣ ያልቃል።

እማማ ፍኖተ ሰላም፦ እኛ ስንት ልጅ ያሳደግነው ውሃ በበርሜል ጥደን ነው። ሁለቱም ሻወር ባንዴ ለምን ይከፈታል? ተራ ግቡ፣ ልጆቼ።

የቡሬ ልጅ፦ አልኩ እኮ፣ 40 አድርጉት።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ወንድሜ፣ እንዳታስደርጋቸው! ብሬከሩ የወረደው ቤቱን ለማዳን ነው። 5.5 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። ምጣዱ 3.5 ከሆነ 16 ይጨምራል፤ 41 ሆነ ማለት ነው። ሽታው ወይ ከላላ ማያያዣ ነው፣ ወይ ግድግዳ ውስጥ ከጋለው ሽቦ። ሁለት ኢንስታንት ባንዴ ቢበሩ ደግሞ ያለ ምጣዱ 50 አምፔር ነው።

ማርቆስ ጠዋት የሮቶ ውሃ 15 ዲግሪ ቢሆን፣ 5.5ቱ ወደ 40 የሚያደርሰው በደቂቃ 3 ሊትር ብቻ ነው። ደህና ሻወር 6 ይፈልጋል። ባሕር ዳር ውሃው 25 ከሆነ ግን በ3.5 ያንኑ 3 ሊትር ታገኛለህ፤ ያንተ አልዋሸም፣ አገሩ ይለያያል።

80 ሊትር ቦይለር ግዢ። 60 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ 120 ሊትር ያህል የሚታጠቡበት ውሃ ይሰጣል። ለሰው 30 ብንል አራት ሰው ነው፤ ሁለቱ ማታ ይታጠቡ። ባለ 1.5 ኪሎ ዋቱ ለማሞቅ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ የሚስበው ግን 7 አምፔር ብቻ ነው። ከምጣዱ ጋር 23፤ 32ቱ ይችለዋል። የተቃጠለው ሽቦ ካልተቀየረ ግን እንዳይገጠም፤ የራሱ 16 ብሬከርና ኧርዝ ይኑረው።

ባለ ሦስት ልጅ፦ እኛ አምስት ሆነን 80ው አልበቃንም፣ ትልቋ ልጅ ፀጉሯን ስትታጠብ ያልቃል። 100 ይሻላል። መብራት ሲሄድ ደግሞ የሞቀው ውሃ እስከ ማታ ይቆያል፤ ኢንስታንቱ ወዲያው በረዶ ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ 100ውም ያስኬዳል፣ ሲሞቅ ግን ይቆያል። ከሁሉ በፊት ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ? ውሃ የሞላ 80 ሊትር ከመቶ ኪሎ አያንስም፤ ጭቃ ከሆነ ወለል ላይ በብረት መቆሚያ ይቀመጥ።

እማማ ፍኖተ ሰላም፦ አማትሽ ነገ ሲደርሱ በድስት አሙቂላቸው፣ ልጄ። ቦይለሩ በረጋ መንፈስ ይገዛል።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ የማርቆሷ፣ ግድግዳውን አልነገርሽንም።