በዕድሜ ለሚበልጠኝ የበታች ሠራተኛ ትእዛዝ በቴሌግራም እንዴት ልጻፍ?

ጠያቂዋ (ቱሉ ዲምቱ)
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ያለ መጋዘን ላይ በቅርቡ ኃላፊ ሆኛለሁ። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ተጠሪነታቸው ግን ለእኔ ነው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ እኩያዬ ነው፣ «አንተ በይኝ» ይላል። ለግምጃ ቤቱ ሰው የላክሁት ይኸውላችሁ፦

«ጋሽ እገሌ፣ እባኮትን የትናንቱን ሞዴል 19 ላኩልኝ። ለምን አልላኩም? ፎቶ አንስተህ እስከ 5 ሰዓት።»

ከዚያ ወዲህ «እሺ» ብቻ ነው የሚመልሱልኝ። ምኑ ይስተካከል?

ጸሐፊዋ
«ጋሽ» ብለሽ ጀምረሽ «አንስተህ» ላይ ወረድሽ፤ የሚቆረቁረው እሱ ነው። አንቱታ ከጀመርሽ ግሡ ሁሉ አብሮ መሄድ አለበት። የሚያመልጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ያለው ነው፤ ለጓደኛ መጻፍ የለመደ ጣት «አንስተህ፣ ፈርመህ» እያለ ይሄዳል። ከመላክሽ በፊት በ«ህ» ወይም በ«ሽ» የሚያልቅ ግሥ ብቻ ፈልጊ።

ሁለተኛው «ላኩልኝ» ነው። ይህ «እናንተ» ለሚባሉ ሰዎች ነው፤ ለአንድ ትልቅ ሰው «ይላኩልኝ» ይባላል። ስትከለክዪም እንደዚያው፦ ለእናንተ «አትላኩ»፣ ለእሳቸው «አይላኩ»። ትእዛዙ በ«ይ» ወይም በ«ያ»፣ ክልከላው በ«አይ» ወይም በ«አያ» ካልጀመረ ተጠራጠሪ። «እባኮትን» በአፍ ያስኬዳል፤ ሲጻፍ «እባክዎን» ነው።

«ለምን አልላኩም?» ግን በሰዋስው እንከን የለበትም፤ ነገሩ ክስ መሆኑ ነው። ወረቀቱ አለመድረሱን ንገሪያቸው፣ ምክንያቱን ራሳቸው ይናገሩ። እንዲህ ይሁን፦

«ጋሽ እገሌ፣ እንደምን አደሩ? የትናንቱ ሞዴል 19 አልደረሰኝም። እባክዎን ፎቶ አንስተው እስከ 5 ሰዓት ይላኩልኝ፤ 6 ሰዓት ላይ ለሂሳብ ክፍል አስተላልፈዋለሁ።»

«ከቻሉ» የምትለዋን አታስገቢ። የግድ ለሆነ ወረቀት «ከቻሉ» ከተባለ፣ ካልቻልኩ ይቀራል ማለት ነው ብለው ቢወስዱት አይፈረድባቸውም። ማክበርና ማለሳለስ ለየቅል ናቸው፤ ሰዓቱ ቁርጥ ብሎ ይጻፍ።

ሂሳብ ክፍል
ምን ያስጨንቃል? ለሁሉም «እርስዎ» በይና ተገላገዪ። በመከበር የሚቀየም የለም።

ጸሐፊዋ
ለማይታወቅ ስልክ ቁጥር ልክ ነህ፤ ወንድ ይሁን ሴት ሳይታወቅም ያገለግላል። ለእኩያ ግን አይሆንም። ትናንት አንተ አንቺ ስትባባሉ የነበረ ሰው ዛሬ «ሪፖርቱን ይላኩ» ቢልህ፣ ተቆጥቷል ወይም እያላገጠ ነው ብለህ ነው የምታስበው። ለእኩያ «እስከ 5 ሰዓት ላክልኝ እስቲ» ይበቃል።

የገላኑ
እኔም ጥያቄ አለኝ፤ ለክፍለ ከተማ የምንጽፈው ደብዳቤ ላይ «ጋሽ» ይገባል ወይስ «አቶ»? ኃላፊው ሽማግሌ ናቸው።

ጸሐፊዋ
እሷ የጠየቀችው ሌላ ነው፤ ግን «ጋሽ» በደብዳቤ አይገባም። የሚጻፈው ለጽሕፈት ቤቱ ነው፦ «እንዲደረግልን በአክብሮት እንጠይቃለን» ብለህ ዝጋው።

ጠያቂዋ
አመሰግናለሁ። ለሥራ አስኪያጁ ስለ እሳቸው ስጽፍስ? እሱ ራሱ በስማቸው «እገሌ ላከ?» ነው የሚለኝ።

የሰው ኃይል
እሱ ቢልም አንቺ «ጋሽ እገሌ ልከዋል» በይ። መልእክቱ ነገ ተላልፎ እሳቸው ስልክ ላይ ቢደርስ የማያሳፍርሽ እንዲሆን ነው። ስማቸውን ግን አትተዪ። «ልከዋል፣ ነገ ይመጣሉ» ብቻ ካልሽ እሳቸው ይሁኑ፣ ሾፌሮቹ ይሁኑ፣ «እርስዎ» የተባለው ራሱ ሥራ አስኪያጁ ይሁን አይለይም፤ ግሡ ለሦስቱም አንድ ነው። «ነግሬያቸዋለሁ» እና «ነግሬዎታለሁ» ላይ ልዩነት ቢወጣም፣ የሚለየው «እርስዎ» የተባለውን ብቻ ነው።

የጋራ ግሩፕ ላይ ሁሉንም ስታዢ «ላኩ» ምንም አይደለም፣ ብዙ ሰው ነውና። አንድ ሰው ለይተሽ ስትጠሪ ነው ወደየደረጃው የሚመለሰው።

ሂሳብ ክፍል
ሥራ አስኪያጁን ግሩፕ ላይ «አንተ» ማለት ግን ይከብዳል። ደንበኞችም እኮ አሉበት።

ጸሐፊዋ
ራሱ ከጠየቀ እዚያም ቢሆን «አንተ» ይባል። በግል አንተ፣ በአደባባይ እርስዎ ሲሆን ማስመሰል ይመስላል።

የሰው ኃይል
አልስማማም። ደንበኛ ባለበት «እርስዎ» ብትዪው እሱም አይጠላም። ለማንኛውም ከመጻፍሽ በፊት ራሱን ጠይቂው፦ «ደንበኞች ባሉበት ግሩፕ ላይስ ምን ልበልህ?»