አዲሱን ፓኬት ሳልጀምር 3 ቀን አለፈኝ፣ ምን ላድርግ?

ሜሪ_ለ
የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ነው የምወስደው። ለቅሶ ክፍለ ሀገር ስሄድ ቤት ረስቼው ሄድኩ። ሦስት ቀን አልፎኛል። የመጣሁት ትናንት ማታ ነው፣ ከባለቤቴ ጋርም ተገናኝተናል። ሦስቱንም አንዴ ልዋጣቸው ወይስ ልተወው?

አቤል_ካ
ሦስት ቀን ሙሉ? ስልክሽን ግን አልረሳሽም አይደል። እህቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ኃላፊነት ይጠይቃል። ስልክሽ ላይ ማንቂያ ሙዪ፣ ኪኒኑን የጥርስ ብሩሽሽ አጠገብ አስቀምጪ፣ ባለቤትሽም ያስታውስሽ። ሁሉን ነገር ለሴቷ ብቻ...

ጽጌ ነኝ
አቤል፣ ሰው ቤቱ እየተቃጠለ ስለ ክብሪት አያያዝ ይሰበካል እንዴ 😂

የሐና እናት
አይዞሽ እማ። እኔም ሁለት ኪኒን ረስቼ አውቃለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ውጬ ቀጠልኩ፣ ምንም አልሆንኩም። ትንሽ ያቅለሸልሻል፣ ያልፋል።

ሲስተር ማህሌት
ሜሪ፣ ገና ምንም እንዳትውጪ፣ መጀመሪያ ሦስት ነገር ንገሪኝ። ኪኒኑ የትኛው ነው? ያለፉሽ ከፓኬቱ መሃል ናቸው ከመጀመሪያው? ከባለቤትሽ ጋር ከትናንት በፊት የተገናኛችሁት መቼ ነው? የሐና እናት፣ ያንቺ ከመሃል ከሆነ ያደረግሽው ልክ ነው። የሷ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል።

ሜሪ_ለ
ማይክሮጋይኖን፣ 28ቷ፣ ቡናማዎቹ ያሉባት። የመጨረሻዋን ቡናማ አርብ ማታ ዋጥኩ። አዲሱን ፓኬት ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነበር የምጀምረው። ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ሰኞ አለፈኝ። ከባለቤቴ ጋር አርብ ማታ ከመሄዴ በፊት፣ ከዚያ ትናንት ሰኞ ማታ። ግን እኮ ወር አበባዬ ገና ማለቁ ነው፣ አሁን ማርገዝ ይቻላል እንዴ?

ዳጊ
ወር አበባ እንዳለቀ አይረገዝም፣ ተረጋጊ። ያን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም።

ሲስተር ማህሌት
ዳጊ፣ ኪኒን የምትወስድ ሴት ላይ ይሄ ስሌት አይሠራም። ቡናማዎቹ ሰባቱ ሆርሞን የላቸውም፣ ብረት ናቸው። በዚያ ሳምንት የሚመጣው ደምም ሆርሞኑ ስለተቋረጠ የሚመጣ ነው። እንቁላል ማውጫው በእነዚያ ሰባት ቀናት መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ የአዲሱ ፓኬት የመጀመሪያዋ ኪኒን ናት መልሳ የምታስቆመው። ሜሪ ላይ ሰባቱ ቀን አስር ሆነ። ሦስት ኪኒን ከመሃል ብትረሳ ኖሮ ከኋላዋ ስትወስድ የቆየችው ሆርሞን አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ከኋላ ያለው ባዶ ሳምንት ነው።

ሜሪ፣ እንዲህ አድርጊ። ከአዲሱ ፓኬት ላይ «ሰኞ» የሚለውን አሁን ዋጪ። የቅዳሜና የእሁዱን ጥለሽ እለፊያቸው፣ ሦስቱን አንዴ መዋጥ ማቅለሽለሽ እንጂ የሚጨምረው ጥቅም የለም። ዛሬ ማታ 3 ሰዓት ላይ የማክሰኞውን ውሰጂ፣ ከዚያ እንደ ወትሮው ቀጥዪ። በአንድ ቀን ሁለት መሆኑ አያስደንግጥሽ። እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ወይ ኮንዶም ወይ መታቀብ፣ ምክንያቱም ሰባት ቀን በተከታታይ ሳትወስጂ አትተማመኚበትም።

ከዚያ ፖስት ፒል። ዛሬውኑ ፋርማሲ ሂጂ። ለሰኞ ማታው ገና ጊዜ አለሽ፣ 72 ሰዓት ውስጥ ነው ጥሩ የሚሠራው፣ ከዚያም ውስጥ ቶሎ ሲሆን ይሻላል። የአርቡ 72 ሰዓት አልፎታል፣ ግን የወንድ ዘር እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ስለሚችል እሱንም ቁጠሪው፣ ኃይሉ ቢቀንስም እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ይሰጣል። ከዋጥሽ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካስታወከሽ ሌላ መውሰድ አለብሽ።

ሜሪ_ለ
ፖስት ፒሉን ከዋጥኩ ኪኒኑን ዛሬ ልዝለለው?

ሲስተር ማህሌት
አትዝለዪ። ፖስት ፒል ለኋላው ነው፣ ለነገው አይጠብቅሽም። ኪኒንሽ ይቀጥላል፣ ኮንዶሙም እንዳለ ነው።

ዳጊ
እሺ ሲስተር፣ ግን እኔ የእህቴን ወረቀት አነበብኩት፣ «ሁለት ካለፈሽ» ይላል። ጤና ጣቢያ ደግሞ «ሦስት» አሏት። የቱ ነው?

ሲስተር ማህሌት
ሁለቱም አለ። እኛ የተማርንበት ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ኮንዶም ጨምሪ የሚለው። ሌሎች መመሪያዎች 48 ሰዓት ካለፈ ይላሉ፣ ያ ሁለት ኪኒን ማለት ነው። ሜሪ በየትኛውም ብትቆጠር አልፋለች። ሁለት የረሳች ብትጠይቀኝ፣ ከፓኬቱ መጀመሪያ ከሆነ ጥብቁን ያዢ እላታለሁ፣ ከመሃል ከሆነ አላስጨንቃትም። ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙኝም።

ኤደን_ዱባይ
እኔ የሚጠባ ልጅ አለኝ። ማይክሮሉት ነው የሰጡኝ። ትናንት ሥራ ይዞኝ 5 ሰዓት ዘግይቼ ወሰድኩ። 48 ሰዓት ስላልሞላ ችግር የለውም ማለት ነው?

የሐና እናት
ያው ነው እማ፣ አንድ ቀን እንኳን አልሞላም።

ሲስተር ማህሌት
የሐና እናት፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ማይክሮሉት አንድ ዓይነት ሆርሞን ብቻ ያላት፣ በጣም ትንሽ መጠን ነች። የማኅፀን በር ላይ ያለውን ፈሳሽ የምታወፍረው ለአንድ ቀን ያህል ነው፣ ስለዚህ ሦስት ሰዓት ካለፈ እንደ ረሳሽ ይቆጠራል። ኤደን፣ ሁለት ቀን ኮንዶም ጨምሪ፣ ሰዓትሽንም አጥብቂ። ልጁ ከስድስት ወር በታች ሆኖ ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነና ወር አበባሽ ካልተመለሰ ግን ጥበቃው ከጡቱም ስለሚገኝ ኮንዶሙ አያስፈልግሽም። ልጁ ስንት ወሩ ነው?

ቲጂ የመርካቶዋ
እኔ የማይገባኝ፣ ይሄ ሁሉ መቁጠር ለምን? ክንድ ላይ የሚቀበረውን አስቀብሪና ሦስት ዓመት ተኚ። ወይም የሦስት ወር መርፌ። ኪኒን እኮ ማህፀንም ያደርቃል ይላሉ።

ሜሪ_ለ
ቲጂ፣ አስቀብሬው ነበር፣ ደሙ አልቆም ብሎኝ አስወጣሁት። መርፌውም አልተስማማኝም። ኪኒኑ ተስማምቶኛል፣ የረሳሁት እኔ ነኝ።

ሲስተር ማህሌት
ማህፀን አያደርቅም ቲጂ። ኪኒን ያቆመች ወዲያው ማርገዝ ትችላለች፣ የሜሪም ጭንቀት ከዚሁ ነው የመጣው።

ጽጌ ነኝ
አቤል የት ገባ? ኮንዶም ሲጠራ ጠፋ 😂

አቤል_ካ
አለሁ። ባልየውን ፋርማሲ ላኩት ነው የምለው፣ ለምን እሷ ትሄዳለች።

ሲስተር ማህሌት
አቤል በዚህስ ልክ ነህ። ሜሪ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ በኋላ ጠብታ ደም ብታዪ ከፖስት ፒሉ ሊሆን ይችላል፣ «ወር አበባዬ መጣ» ብለሽ አትረጋጊ። ከሰኞ ማታው ሦስት ሳምንት ሲሞላ የሽንት ምርመራ አድርጊ፣ በፊት ብታደርጊው «የለም» ቢልሽም አይታመንም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ ሪፋምፒሲን ያለበት፣ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ምክር ይቀየራልና ለፋርማሲስቱ ንገሪው። ተራ አንቲባዮቲክ ችግር የለውም።

ሜሪ_ለ
ሌላ መድኃኒት አልወስድም። የሰኞዋን አሁን ዋጥኩ። ፋርማሲ እየሄድኩ ነው።

ኤደን_ዱባይ
ሲስተር፣ ልጄ 7 ወሩ ነው፣ ገንፎም ጀምሯል።

ሲስተር ማህሌት
ኤደን፣ እንግዲያው ኮንዶሙ አይቀርልሽም፣ ሁለቱን ቀን። ትናንት ከመዘግየትሽ በኋላ ከባለቤትሽ ጋር ተገናኝታችኋል? ከተገናኛችሁ ስለ ፖስት ፒሉ እናውራ።

ጽጌ ነኝ
ሜሪ ፋርማሲ አገኘሽ ወይ?